የሁለት ብሩ ክሊክ

ሶፋና አልጋ የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እናስብ። ባለቤቱ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ለሚያስነግሩት ማስታወቂያ በወር 60 ሺህ ብር ያወጣሉ። ማስታወቂያውን የነካ ሰው ወደ ድረ ገጻቸው ይገባል፤ የወደደውን ዕቃ መርጦ ስሙንና ስልኩን ቅጽ ላይ ሞልቶ ይልካል፤ ከዚያ ከሱቁ ይደወልለታል። ወሩ ሲያልቅ ቡስት የሚያደርግላቸው ወጣት ደስ ብሎት መጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ ወር 120 ሰው ቅጽ ሞልቷል። አንዱ 500 ብር ወጣበት ማለት ነው። ክሊኩማ ረክሷል፤ ሁለት ብር የገባበት ቦታ ሁሉ አለ!»

ባለቤቱ ግን ስልክ ከምትደውለው ሠራተኛቸው ሌላ ነገር ሰምተዋል። «ስደውል ‹የምን ሶፋ?› የሚለኝ ሰው በዛ» ብላቸዋለች።

ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ነገሩ ግን ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወጣቱም አልዋሸም፣ ልጅቷም አልተሳሳተችም። የተለያዩት 500 ብር አማካይ ስለሆነ ነው። አማካይ የፈላውንና የቀዘቀዘውን ውሃ ቀላቅሎ «ለብ ያለ ነው» ይላል። ገንዘቡ የት እንደፈሰሰ ለማወቅ ቁጥሩን መልሶ መለያየት ያስፈልጋል፦ ማስታወቂያው በታየበት ቦታ፣ በታየበት መሣሪያና በታየበት ሰዓት።

መጀመሪያ ቦታው

የሜታ ማስታወቂያ መቆጣጠሪያ በሆነው Ads Manager ውስጥ፣ ከሰንጠረዡ በላይ Breakdown የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከፍቶ Placement የሚለውን መንካት ነው። አንድ መስመር የነበረው ውጤት ወዲያው ይዘረዘራል። በእኛ ምሳሌ የፌስቡክ ዋና ገጽ 24 ሺህ ብር ወስዶ 64 ቅጽ አምጥቷል፤ አንዱ 375 ብር ነው። ኢንስታግራም በ17 ሺህ ብር 38 ቅጽ አስገኝቷል፤ አንዱ 447 ብር ገደማ ይሆናል። Audience Network የሚባለው ደግሞ 18 ሺህ ብር ወስዶ 18 ቅጽ ብቻ ሰጠ፤ አንዱ 1,000 ብር። የቀረው 1,000 ብር በጥቃቅን ቦታዎች ተበትኖ አንድም ቅጽ አላመጣም።

Audience Network ማለት የሜታ ማስታወቂያዎች ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ውጭ፣ በሌሎች ሰዎች ጌሞችና አፕሊኬሽኖች ውስጥ የሚታዩበት መረብ ነው። ቦታውን ሥርዓቱ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ይህም አብሮ ሊገባ ይችላል። የሁለት ብሩ ክሊክ የመጣው ከዚህ ነው፤ 18 ሺህ ብሩ 9,000 ክሊክ ገዝቷል። ፌስቡክ ላይ ግን በ24 ሺህ ብር የተገኘው 3,000 ክሊክ ነው፤ አንዱ ስምንት ብር።

የረከሰበትን ምክንያት ለማየት እናቱን ስልክ ይዞ ጌም የሚጫወት ልጅ ይበቃል። ጨዋታው መሀል ላይ ይቆምና ሶፋ ማያውን ይሞላዋል። ማጥፊያዋ ምልክት ጥግ ላይ አለች፤ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ልጁ እሷን ሊነካ ሲል ሶፋውን ይነካል። ገጹ ሳይከፈት ተመልሶ ጨዋታው ውስጥ ይገባል። ሁለት ብር ሄደች፤ ሶፋ የፈለገ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ መከሰቱን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። በሰንጠረዡ ላይ Link clicks እና Landing page views የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ማምጣት ነው። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ሁለተኛው ከተነካ በኋላ ገጹ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይናገራል። ሁለተኛው እንዲቆጠር የሜታ ፒክስል ድረ ገጹ ላይ መገጠም አለበት። በምሳሌያችን ከፌስቡክ ከመጣው 3,000 ክሊክ 2,400ው ገጹን ከፍቷል። ከAudience Network ከመጣው 9,000 ግን የከፈተው 1,800 ብቻ ነው። ከአምስት አራቱ በር ላይ ደርሰው የተመለሱ ናቸው።

የመጨረሻው ማስረጃ ያለው ስልክ ከምትደውለው ልጅ ዘንድ ነው። ከ18ቱ ቅጾች 15ቱ ወይ ቁጥሩ አይሠራም፣ ወይ «የምን ሶፋ?» የሚል ነው። እውነተኛ ፈላጊ ሦስት። 18 ሺህን ለሦስት ሲያካፍሉት አንዱ ደንበኛ 6,000 ብር ፈጅቷል። የሁለት ብሩ ክሊክ ከሁሉም ውድ ሆነ።

ሥርዓቱ ግን የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ወጣቱ ዘመቻውን ሲከፍት የመረጠው ዓላማ Traffic ነበር፤ ትርጉሙም ብዙ ክሊክ አምጣልኝ ነው። ብዙ ክሊክ በርካሽ የሚገኘው ደግሞ እዚያ ጌም ውስጥ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው። አንደኛው ቅጽ መሙላትን ዓላማው ያደረገ አዲስ ዘመቻ መክፈት ነው። ሁለተኛው ቦታዎቹን በእጅ መርጦ የAudience Networkን ምልክት ማንሳት ነው።

መሣሪያው ሲከሰስ

ወጣቱ አሁን መቁረጥ ጣመው። ውጤቱን Impression device በሚለው ሲከፋፍል ሌላ ጥፋተኛ ያገኘ መሰለው። አንድሮይድ ስልኮች በ45 ሺህ ብር 78 ቅጽ አምጥተዋል፤ አንዱ 577 ብር ገደማ። አይፎን በ9,000 ብር 30 ቅጽ፤ አንዱ 300 ብር። ኮምፒውተር በ6,000 ብር 12 ቅጽ፤ አንዱ 500 ብር። «ጋሼ፣ አንድሮይድን እንዝጋው?»

አይዘጋም። ያ የጌሙ 18 ሺህ ብር በሙሉ የወጣው አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቢሆን፣ እሱንና 18 ቅጾቹን ቀንሰን ስናሰላ ለአንድሮይድ የሚቀረው 27 ሺህ ብርና 60 ቅጽ ነው። አንዱ 450 ብር ይሆናል፤ ከጠቅላላው አማካይ ያነሰ። አንድሮይድ የተከሰሰው በጎረቤቱ ጥፋት ነው። አንድን ወጪ በሁለት መንገድ ስንከፍለው አንዱ ብክነት ሁለቱም ዝርዝር ላይ ይታያል። ሁለቴ ከቆጠርነው ሁለቴ እንቆርጣለን። ስለዚህ ትልቁን ጥፋት አውጥቶ ቀሪውን እንደገና ማስላት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ከአይፎን ጋር የ150 ብር ልዩነት ይቀራል። ይህን ለማጣራት መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ ይዞ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ያንኑ ማስታወቂያ ነክቶ ቅጹን እስከ መጨረሻው መሙላት ነው። ምናልባት የሶፋዎቹ ፎቶዎች ከካሜራ እንደወጡ ስለተሰቀሉ ገጹ እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። ምናልባት የፊደል ገበታው ብቅ ሲል «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ይሸፍነዋል። እንዲህ ከሆነ የተበላሸው ገጹ ነው። ማስታወቂያውን ከአንድሮይድ ማንሳት ደግሞ በሩ ስለጠበበ ደንበኛን ማባረር ይሆናል።

የማን ሰዓት?

በሰዓት መከፋፈል ለእኛ አገር ሰው የራሱ ወጥመድ አለው። Breakdown ውስጥ ሁለት የሰዓት ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ በማስታወቂያ አካውንቱ ሰዓት፣ ሌላው በተመልካቹ ሰዓት የሚቆጥር። አካውንቱን የከፈተው አሜሪካ ያለ ዘመድ ከሆነና የሎስ አንጀለስን ሰዓት መርጦ ከነበረ፣ በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በበጋቸው 10 ሰዓት። ሰንጠረዡ ላይ 10:00 ተብሎ የተጻፈው በጥር ወር እዚህ 21:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት። ቁጥሩን እንዳለ «10 ሰዓት» ብሎ ያነበበ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለውን ይቆርጣል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ብቻ የመለሰው ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓትን። ሁለቱም የስተዋሉ። የተመልካቹን ሰዓት መርጦ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ይሻላል።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ በኋላም ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። 120 ቅጽ ለ24 ሰዓት ሲከፋፈል ለአንዱ አምስት ብቻ ይደርሰዋል፤ በሳምንቱ ቀናት ደግመው ከከፋፈሉት ከአንድ በታች ይወርዳል። ባዶ የሆነ ሰዓት መጥፎ ሰዓት ነው ማለት አይደለም። ቀኑን በአራትና በአምስት ትልልቅ ክፍል፣ ለምሳሌ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽትና ሌሊት ብሎ መያዝ ይበቃል።

ባዶ ክፍል መቼ እንደሚፈረድበት የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ቅጽ በአማካይ 500 ብር ከፈጀ፣ ምንም ቅጽ ያላመጣው የ1,000 ብር ክፍል ሁለት ያህል ማምጣት ነበረበት። ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአጋጣሚ ብቻ ባዶ የመሆን ዕድሉ ከሰባት አንድ ገደማ ነው። ይህ ለመፍረድ አይበቃም። 1,500 ብር፣ ማለትም የአማካዩን ሦስት እጥፍ በልቶ ባዶ ከቀረ ግን ዕድሉ ከሃያ ወደ አንድ ይወርዳል። ስለዚህ በጥቃቅን ቦታዎች የተበተነችው 1,000 ብር ሌላ ወር ትጠብቅ።

ከቆረጡ በኋላ

ወጣቱ አንድ የመጨረሻ ሐሳብ አለው። ፌስቡክ 375፣ ኢንስታግራም 447 ከሆነ ለምን ሁሉንም ወደ ፌስቡክ አናዞርም? ምክንያቱም 375 እስካሁን ለተገኙት 64 ሰዎች የተከፈለው አማካይ ነው፤ የ65ኛው ዋጋ አይደለም። ለመግዛት ቅርብ የሆኑት ቀድመው ይገኛሉ፤ ቀጣዮቹ እየራቁና እየተወደዱ ይሄዳሉ። ገንዘቡ ሲጨመር ቀጣዩ ሰው 600 ወይም 700 ብር ሊፈጅ ይችላል። የ72 ብር ልዩነት እንግዲህ ኢንስታግራምን ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም።

ከጌሙ የዳነው 18 ሺህ ብርም በዚሁ ዓይን ይታይ። በ375 ሲካፈል 48 ደንበኛ ያመጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ቀጣዩ ሰው 600 ብር ያስወጣል ብንል 30 ነው። 30ም ቢሆን ከሦስት አሥር እጥፍ ይበልጣል።

መድረሱን የሚያረጋግጠው ግን Ads Manager አይደለም። እሱ የሚያውቀው ቅጽ መላኩን እንጂ ቀብድ መከፈሉን አይደለም። ስለዚህ ስልክ የምትደውለው ልጅ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቅጽ ሦስት ነገር ትጻፍ፦ ማስታወቂያውን የት እንዳየው፣ ሶፋ በእርግጥ ይፈልግ እንደሆነ፣ ቀብድ ከፍሎ እንደሆነ። በቀጣዩ ወር መጨረሻ ወጣቱ ስልኩን፣ እሷም ደብተሯን ይዘው ባለቤቱ ፊት ይቀመጡ። የቅጹ ቁጥር ከ120 ወርዶ የቀብዱ ቁጥር ከጨመረ፣ የተቆረጠው ትክክለኛው ነው።