ጡንቻ ርዝመቱንና ውጥረቱን እንዴት ያውቃል?

ዓይንዎን ጨፍነው ባዶ ጣሳ ይያዙና ሌላ ሰው ውሃ ይቅዳበት። ጣሳው እየከበደ ቢሄድም ክንድዎ ብዙም ዝቅ አይልም። የሚጨምረውን ክብደት ያሰበለት የለም፤ ክንዱ ግን ልኩን ጠብቆ ኃይሉን ይጨምራል።

ይህን የሚያደርገው በጡንቻው ሥጋ ውስጥ የተሰገሰገ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ መሐሉ ወፈር ጫፉና ጫፉ ቀጠን ያለ አካል ነው። የጡንቻ እንዝርት ይባላል። ከጡንቻው ክሮች ጎን ለጎን ስለሚተኛ ጡንቻው ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፤ ወገቡ ላይ የተጠመጠመው የነርቭ ጫፍም ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ ወዲያው ይናገራል። ውሃው ሲጨመር ክንዱ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ የክንዱ የፊት ጡንቻም ይረዝማል። መልእክቱ ህብለ ሰረሰር ደርሶ ያንኑ ጡንቻ ወደሚያዘው ነርቭ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ይህ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጡንቻው ሲያጥር እንዝርቱ ላልቶ ዝም እንዳይል ደግሞ፣ የራሱ ቀጫጭን ነርቮች ጫፎቹን እየሳቡ ያወጥሩታል። ስለዚህ በእንቅስቃሴ መሐልም ንቁ ነው።

ርዝመት ብቻውን ግን አይበቃም። ባዶ ጣሳና ሙሉ ጣሳ የያዘ ክንድ እኩል ሊታጠፍ ይችላል፤ የሚለየው ኃይሉ ነው። ኃይሉን የሚለካው ጡንቻ ከጅማት በሚገናኝበት ቦታ የሚገኘው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የገለጸው የጅማት አካል ነው። ጡንቻው ሲስብ የጅማቱ ቃጫዎች ይጠብቁና በመካከላቸው ያለፈውን ነርቭ ይጫኑታል። ድሮ ጅማት እንዳይበጠስ የሚጮህ የአደጋ ደወል ብቻ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ጥቂት ክሮች ሲኮማተሩ እንኳ እንደሚሰማው ይታወቃል።

እነዚህ መልእክቶች ሲቋረጡ ምን እንደሚመጣ ኢያን ዋተርማን የተባለ እንግሊዛዊ ያሳያል። በ1971 እ.ኤ.አ. በ19 ዓመቱ ታሞ ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የአካል አቀማመጥ ስሜት ነርቮቹን አጣ። ጡንቻዎቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ሕመምና ሙቀትም ይሰማዋል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንኳ አልቻለም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከታተለ መራመድን እንደገና ተማረ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይወድቃል።

ሐኪም ከጉልበት በታች በመዶሻ የሚመታውም ይህንኑ መንገድ ለመፈተሽ ነው። ምቱ የጭኑን የፊት ጡንቻ በቅጽበት ይለጥጠዋል፤ ጡንቻው ከሰከንድ 1/20ኛ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ይጀምራልና እግሩ ይፈናጠራል። በስኳር በሽታ እንደሚሆነው ነርቮች ሲጎዱ ምላሹ ሊጠፋ ይችላል፤ አንጎል ወይም ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ደግሞ ከልክ በላይ ሊበረታ ይችላል። ጤነኛ ሆነው ምላሻቸው ደካማ የሆኑ ሰዎችም ስላሉ ሐኪሙ ግራና ቀኙን ያነጻጽራል፤ ታካሚው ጣቶቹን አቆላልፎ እንዲጎትት አድርጎም ደግሞ ይሞክራል።