ዝናቡ ሳይጎድል ሰብሉ ለምን ይጠፋል?

አንድ የፈተና ጥያቄ እንውሰድ። እንደ ራያ ቆቦ ባለ ቆላ፣ ዝናብ ብቻ ጠብቆ የሚያርስ አንድ ሄክታር ማሳ ያለው ገበሬ አለ። ዝናቡ በሰኔ 10 ፈንታ በሐምሌ 1 ገባ፤ ከነሐሴ 16 እስከ 30 ጠፋ፤ በመስከረም 10 ወጣ። የክረምቱ ጠቅላላ መጠን ግን ከአማካዩ ብዙም አልራቀም። አማራጮቹ አራት ናቸው፦ በ140 ቀን የሚደርስ በቆሎ ዘርቶ ማዳበሪያ መጨመር፣ ከ90 እስከ 100 ቀን የሚደርስ ማሽላ መዝራት፣ 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ መቆፈር፣ የማሳውን ቦይ እያገዱ ውሃ ማስቀረት። በሐምሌ 1 የትኛው ይሻላል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው አማራጮቹን ስለማያውቅ ሳይሆን፣ ስለ ድርቅ የተለመዱ ሦስት እምነቶችን ይዞ ስለሚጀምር ነው።

ተረት፦ ድርቅ ማለት የዝናብ መጠን ማነስ ነው።

እውነታ፦ ለሰብል የሚቆጠረው ዝናቡ የመጣበት ጊዜ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 10፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 75 ቀን ብቻ ነው። በ140 ቀን የሚደርሰው በቆሎ 65 ቀን ያለ ዝናብ ይቀረዋል፤ አፈሩ የያዘው እርጥበት ይህን ያህል አያደርሰውም። በ90 ቀን የሚደርሰው ሰብል ግን የሚጎድለው 15 ቀን ያህል ነው፤ ያም ፍሬው እየጠነከረ የውሃ ፍላጎቱ የቀነሰበት ጊዜ ነው። የነሐሴው መቋረጥ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በቆሎ ሊያብብ ሲቃረብ ወይም ሲያብብ ውሃ ካጣ የቆረቆንዳው ጸጉር ዘግይቶ ይወጣል፣ የአበባው ዱቄት ሳይደርሰው ይረግፋል፣ አገዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቆረቆንዳው ባዶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚዘንብ ዝናብ በሚሊ ሜትር ይመዘገባል እንጂ ፍሬውን አይመልስም። ማሽላ ግን ቅጠሉን ጠቅልሎ እድገቱን ያዘገይና ዝናቡ ሲመለስ ይቀጥላል። ማዳበሪያውም ይህን አይለውጠውም፤ ቅጠል ያበዛና ያለውን ውሃ ቶሎ ያስጨርሳል፣ ገበሬውንም በዕዳ ይተወዋል።

ተረት፦ ውሃ ከተጠራቀመ ችግሩ አለቀ።

እውነታ፦ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። በአንድ ሄክታር ላይ የፈሰሰ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሰብል በአበባው ሰሞን በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል ብንል፣ 15ቱ ደረቅ ቀናት 75 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 750 ሜትር ኩብ ይጠይቃሉ። 60ው ሜትር ኩብ ታዲያ፣ ትነቱና ስርገቱ ሳይቀነስ እንኳ፣ ከ800 ካሬ ሜትር አያልፍም። ለጓሮ አትክልት ይበጃል፤ ለአንድ ሄክታር ማሳ ግን አይበቃም። ቦዩን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ማገድ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የሐምሌው ዶፍ ጎርፍ ሆኖ ሳይሄድ እዚያው ማሳው ውስጥ ይሰርጋል። ገደብ አለው፤ ውሃ በሚያቁር ከባድ ጥቁር አፈር ላይ ሥር ሊያበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ አፈሩ የሚለውን ማንበብ ግድ ነው።

ተረት፦ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ምንጊዜም ይሻላል፤ ገበሬው የማይቀበለው ስለማይገባው ነው።

እውነታ፦ ገበሬው ምክንያት አለው። በልጉ ጥሩ ሆኖ በሚያዝያ ከተዘራ፣ ረጅም ጊዜ የሚወስደው የአካባቢ ማሽላ ብዙ ምርት ይሰጣል፣ ረጅም አገዳውም ለከብት መኖና ለማገዶ ይሆናል። ፈጥኖ የሚደርሰው አገዳው አጭር ነው፤ ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ብቻውን ከደረሰ ደግሞ ወፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አጭሩ ዝርያ የሚመረጠው ዝናቡ ሲዘገይ ነው፤ ጎረቤታሞች አብረው ቢዘሩት ደግሞ የወፉ ጉዳት ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ገበሬው በሐምሌ 1 ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንደሚቋረጥ በምን ያውቃል? አያውቅም። በዚያ ቀን የሚያውቀው ዝናቡ ሃያ ቀን ያህል መዘግየቱን ብቻ ነው። ጥሩ መልስም በዚህ ብቻ መቆም አለበት፤ ነሐሴን አስቀድሞ እንዳየ ሰው የሚመልስ ተፈታኝ ገበሬው የሌለውን መረጃ ሰጥቶታል። ሙሉው መልስ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ ስለዘገየ ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ ይዝራ፣ መቋረጥ ቢመጣም ባይመጣም የማይጎዳ በመሆኑ ውሃ በማያቁር ማሳ ላይ ቦዩን ያግድ፣ ዩሪያውን ደግሞ ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ አፈሩ እርጥብ መሆኑን አይቶ ይጨምር። ኩሬው ለአንድ ሄክታር አይበቃም። ረጅሙ በቆሎ ከነማዳበሪያው ግን ዝናቡ ባይቋረጥ እንኳ ክረምቱ ሲወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።