ክፍት ቦታው ከዝርዝሩ ሲቀድም

«ዜር …… ኤ ፔን፣ ቱ ቡክስ ኤንድ ሰም ፔፐር ኦን ዘ ቴብል።» ጠረጴዛው ላይ አንድ እስክሪብቶ፣ ሁለት መጽሐፍና ወረቀት አለ ለማለት ነው። ክፍት ቦታው ላይ «ኢዝ» ይግባ ወይስ «አር»? የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ዕቃዎቹን ይደምርና «ከአንድ በላይ ናቸው» ብሎ «አር»ን ይመርጣል። ድምሩ ልክ ነው፤ የሚጠበቀው መልስ ግን «ኢዝ» ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ስንፍና አይደለም። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «እስክሪብቶ፣ መጽሐፍ፣ ወረቀት» ብለን ዘርዝረን ከጨረስን በኋላ «አለ» ወይም «አሉ» እንላለን። ግሱ ጋ ስንደርስ ዝርዝሩ በሙሉ ተነግሯል፤ ስለዚህ ሁሉን ደምሮ መፍረድ ለእኛ የተለመደ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ግሱን የሚናገረው ዝርዝሩን ገና ሳይጀምር ነው። «ዜር» ካለ በኋላ ወዲያው «ኢዝ» ወይም «አር» ማለት አለበት፤ በዚያች ቅጽበት በአፉ ላይ ያለው ቀጥሎ የሚጠራው የመጀመሪያው ነገር ብቻ ነው። ግሱም ከእርሱ ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው «ኤ ፔን» ከሆነ «ኢዝ» ይባላል። ዝርዝሩን ገልብጠን «ቱ ቡክስ ኤንድ ኤ ፔን» ብንል «አር» ይሆናል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ዕቃዎች ግን ያው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ጥብቅ የሆኑ የሰዋስው ሰዎች በ«ኤንድ» የተያያዙ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ብዙ ስለሆኑ «አር» ይገባል ብለው ይከራከራሉ። ይሁንና «ዜር አር ኤ ፔን…» የሚለው ለብዙ አፈ ፈት ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ለተማሪ የሚዘጋጁ መጻሕፍትም ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩት በመጀመሪያው ስም መመራትን ነው። በተራ ንግግር ደግሞ «ዜርስ ስሪ ፒፕል» የሚል እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ በጆሮ የሚያልፍ ልማድ ነው፤ በጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

እንግዲህ ዓይናችን የመጀመሪያው ስም ላይ ካረፈ ቀጣዩ ጥያቄ «ይህ ስም ይቆጠራል?» የሚል ነው። ውሃ፣ ስኳር፣ ሩዝ ቀላሎች ናቸው፤ በእኛም ዘንድ የሚሰፈሩ እንጂ የሚቆጠሩ አይደሉም፤ «ኢዝ»ን ይወስዳሉ። ችግሩ ያለው አማርኛ በሚቆጥራቸውና እንግሊዝኛ በማይቆጥራቸው ስሞች ላይ ነው። እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዜናዎች፣ የቤት ዕቃዎች እንላለን። በእንግሊዝኛ ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ኒውስ፣ ፈርኒቸር አይቆጠሩም። ሶፋ፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሞላበት ቤት ውስጥ እንኳ «ዜር ኢዝ ኤ ሎት ኦፍ ፈርኒቸር» ነው የሚባለው። «ኒውስ» መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» ብዙ ቁጥር ያስመስለዋል፤ እርሱም ቢሆን «ኢዝ»ን እንጂ «አር»ን አይወስድም። ዳቦም እንዲሁ ነው፤ ሱቅ ሄደን «ሁለት ዳቦ ስጠኝ» ስለምንል «ቱ ብሬድስ» ማለት ይቀናናል፤ እንግሊዝኛ ግን የሚቆጥረው ሙልሙሉን ወይም ቁራሹን እንጂ «ብሬድ»ን ራሱን አይደለም።

የሚቆጠረው መያዣው ወይም መስፈሪያው ከሆነ ፍርዱ ይለወጣል። «ሰም ዋተር» ሲል «ኢዝ»፣ «ቱ ግላስስ ኦፍ ዋተር» ሲል «አር» ይገባል፤ ቁጥሩ ያረፈው ብርጭቆው ላይ ነውና። «ኤ ሎት ኦፍ» የሚለው ሐረግ ደግሞ የፈተና አውጪዎች ወዳጅ ነው። ፊቱ ላይ «ኤ» ስላለ ነጠላ ይመስላል፤ የሚወስነው ግን ከኋላው የሚመጣው ስም ነው። ስኳር ከተከተለው «ኢዝ»፣ ስኒዎች ከተከተሉት «አር» ይሆናል።

ተቃራኒው ወጥመድም ከራሳችን አፍ የሚወጣ ነው። በአማርኛ «ውጭ ሦስት ሰው አለ» ብንል ማንም አያርመንም፤ ቁጥሩ ብዛትን ስለነገረን ስሙንም ግሱንም በነጠላ እንተዋለን። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። «ፒፕል» እና «ችልድረን» መጨረሻቸው ላይ «ስ» ባይኖርም ብዙ ናቸው፤ «አር»ን ይጠይቃሉ።

ጊዜ ሲቀያየር ሥራው በአንድ ደረጃ ይጨምራል። ይህን አጭር ምንባብ እንሙላ፦ «ቴን ይርስ አጎ ዜር (1) …… ኦንሊ ዋን ሾፕ ኤንድ ኤ ፊው ሃውስስ ኒር ዘ ሮድ። ዜር (2) …… ኖ ክሊን ዋተር። ናው ዜር (3) …… ሜኒ ሾፕስ ኤንድ ኤ ባንክ። ዜር (4) …… ኤ ክሊኒክ ሂር ሲንስ 2018። ኔክስት ይር ዜር (5) …… ቱ ኒው ስኩልስ።»

ከስሙ በፊት የጊዜውን ቃል መፈለግ ይሻላል። በአንደኛው «ቴን ይርስ አጎ» አለፈ ስለሚል ምርጫው «ዎዝ» ወይም «ወር» ነው፤ የመጀመሪያው ስም «ዋን ሾፕ» ስለሆነ «ዎዝ» ይገባል፤ ኋላ የመጡት ቤቶች አይለውጡትም። ሁለተኛው የጊዜ ቃል የለውም፤ ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር የተከለው ጊዜ ገና አልተነሣም፤ ውሃም አይቆጠርም፤ ስለዚህ «ዎዝ» ነው። ክፍት ቦታውን ከምንባቡ ነጥሎ ያነበበ ተማሪ እዚህ ላይ «ኢዝ» ይጽፋል። በሦስተኛው «ናው» ጊዜውን ወደ አሁን ያመጣዋል፤ «ሜኒ ሾፕስ» ቀድሟልና መልሱ «አር» ነው።

አራተኛው ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ ይከብዳል። እኛ «ከ2018 ጀምሮ እዚህ ክሊኒክ አለ» እንላለን፤ ክሊኒኩ ዛሬም ስላለ «አለ» ይበቃናል። በዚህ ልማድ «ዜር ኢዝ ኤ ክሊኒክ ሲንስ 2018» እንጽፋለን፤ ስሕተት ነው። «ሲንስ» ጅማሬውን ከትናንት፣ ቀጣይነቱን ከዛሬ ስለሚያያይዝ እንግሊዝኛ «ሃዝ ቢን» ይጠይቃል። ክሊኒኮቹ ሁለት ቢሆኑ «ሃቭ ቢን» ይሆናል። «ፎር ፋይቭ ይርስ» የሚል ቢመጣና ነገሩ እስከ ዛሬ ቢዘልቅ ፍርዱ ያው ነው።

አምስተኛው ዕረፍት ነው። «ኔክስት ይር» ስላለ «ዊል ቢ» ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ አንድም ይሁን ሁለት «ዊል ቢ» አይለወጥም። የጊዜውን ቃል አስቀድመን እንፈልግ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ወደፊት መሆኑ ከታወቀ ስም መቁጠሩ ራሱ ይቀራል።

ምንባቡን አሁን ትንሽ እንነካካው። በአንደኛው ዓረፍተ ነገር «ኤ ፊው ሃውስስ»ን ከ«ኦንሊ ዋን ሾፕ» ብናስቀድም መልሱ «ወር» ይሆናል። በሁለተኛው «ክሊን ዋተር»ን «ዋተር ፓይፕስ» ብናደርገው፣ ቧንቧዎች ይቆጠራሉና፣ እርሱም «ወር» ነው። በሦስተኛው «ኤ ባንክ»ን ወደ ፊት ብናመጣው «ኢዝ»፤ «ናው»ን «ባይ 2030» በሚል ብንተካው ደግሞ ባንኩም ሱቆቹም በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢቆሙ «ዊል ቢ» ይሆናል።