ጊዜውን ሰጥቶ ሰነዱን መያዝ፦ ለውጭ ገዢ የክፍያ ጥያቄ በኢሜይል የሚሰጥ ምላሽ

የውጭ ገዢ የሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አጣብቆ ይዞ ይመጣል። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ መቼ ይገባል? ሁለተኛው ስጋት ነው፤ ገዢው ባይከፍልስ ዕቃው በማን እጅ ይቀራል? ድርድሩ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ላኪው ሁለቱን ሳይለይ «አይሆንም» ሲል ነው። ሁለቱ ከተለዩ ግን አንዱን መስጠት፣ ሌላውን መያዝ ይቻላል። ገዢው አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ቡና ላኪ ሃምቡርግ ካለ ገዢ ጋር ሲደራደር እንውሰድ። የሚሸጠው አንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ነው፤ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ የታጠበ ይርጋጨፌ። ዋጋው ጅቡቲ መርከብ ላይ ተጭኖ በኪሎ 6.50 ዶላር ነው፤ ጠቅላላው 124,800 ዶላር ይመጣል። በጥራቱ፣ በመጠኑ፣ በዋጋውና በመጫኛው ወር ተስማምተዋል። በመጨረሻ ገዢው አንድ መስመር ጽፎ ይልካል፦ ክፍያው ቡናው መርከብ ላይ ከተጫነ ከ60 ቀን በኋላ፣ ሰነዱ በቀጥታ ለገዢው ተልኮ ይሁን።

ይህ አሠራር ሰነዱንም ቡናውንም አስረክቦ ገንዘቡን መጠበቅ ማለት ነው። ለረጅም ዘመን ደንበኛ የሚሰጥ ላኪ በሌሎች አገሮች አለ። ለአዲስ ገዢ ግን አደገኛ ነው፤ የኢትዮጵያ ላኪም የክፍያ ዘዴውን ለባንኩ ማሳወቅና የውጭ ምንዛሬውን በቀነ ገደቡ ማስገባት ስላለበት፣ መልስ ከመጻፉ በፊት ባንኩ የትኛውን ዘዴ እንደሚያስተናግድ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ገዢው ተስማምቶ ባንኩ እንቢ ካለ፣ ቃሉን ያጠፈው ላኪው ሆኖ ይታያል።

በሕግ ዓይን ደግሞ መልሱ የሚጻፍበት አኳኋን ክብደት አለው። ጀርመን አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በቪየና የጸደቀው የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ስምምነት በአንቀጽ 19 እንደሚለው፣ የክፍያውን ሁኔታ ለውጦ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደመጣልና አዲስ ሐሳብ እንደማቅረብ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተመሳሳይ አቋም አለው። ስለዚህ ላኪው «በዋጋው ተስማምተናል፤ ክፍያው ግን በኤልሲ ይሆናል» ብሎ ሲጽፍ፣ ሳያስበው የገዢውን የ6.50 ዶላር ሐሳብም አብሮ ሊጥለው ይችላል። የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በየቀኑ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በማግስቱ ገዢው በዚያው ዋጋ ላይ ላይቆም ይችላል። ለውጡን በጥያቄ መልክ ማቅረብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጥያቄ በራሱ እምቢታ አይደለም።

ከመጻፉ በፊት የሚሠራው ሌላው ነገር የ60 ቀኑን ዋጋ ማስላት ነው። ላኪው ቡናውን የገዛበት ገንዘብ በዓመት 15 በመቶ ወለድ የሚያስከፍለው ከሆነ፣ የ124,800 ዶላር የ60 ቀን ወለድ 3,077 ዶላር ገደማ ነው። ይህ በኪሎ 16 ሳንቲም ይደርሳል። ገዢው ጊዜ ከፈለገ የጊዜው ዋጋ ይህ ነው፤ ላኪው ተጨንቆና ተለማምጦ ሳይሆን ቁጥሩን አስቀምጦ መነጋገር ይችላል። ነገር ግን 16 ሳንቲሙ የጊዜን ዋጋ እንጂ የስጋትን ዋጋ አይሸፍንም። ገዢው ጭራሽ ካልከፈለ፣ ዋጋው በኪሎ 16 ሳንቲም መጨመሩ ምንም አይረዳም። ስጋቱን የሚይዘው የሰነዱ አያያዝና የባንክ ቃል ነው።

በሌላ በኩል ገዢው 60 ቀን ለምን እንደጠየቀ ላኪው ገና አያውቅም። ምናልባት ቀደም ሲል ከናሙናው የተለየ ቡና ደርሶበት አይቶ ካልከፈለ አያምን ይሆናል። ወይም ቡናውን ቆልቶ ሸጦ ገንዘብ እስኪሰበስብ ጊዜ ያስፈልገው ይሆናል። የመጀመሪያው የጥራት ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ ከመጫኑ በፊት ከተዘጋጀው ቡና የተወሰደ ናሙና መላክና ገዢው ቀምሶ ካጸደቀው በኋላ መጫን ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱም ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ መልስ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ለሁለቱም ምክንያት መንገድ አዘጋጅቶ ያቀርባል። በውጭ ቋንቋ የሚጻፈው ኢሜይል ይዘቱ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ስለ ኢሜይላችሁ እናመሰግናለን። በ320 ጆንያ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ በኪሎ 6.50 ዶላር፣ በኤፕሪል ጭነት ተስማምተናል፤ የቀረን ክፍያው ብቻ ነው።

60 ቀን የጠየቃችሁት ቡናው ሲደርስ ከናሙናው ጋር ለማመሳከር ነው ወይስ ለገንዘብ ፍሰታችሁ እንዲመች? ጥራቱን ለማረጋገጥ ከሆነ፣ ከመጫኑ በፊት ናሙና በፈጣን መልእክት እንልካለን፤ እናንተ ሳታጸድቁ አንጭንም። በዚህ ሁኔታ 20 በመቶው ውሉ ሲፈረም፣ ቀሪው ሰነዱ በባንካችሁ ሲቀርብ ቢከፈል ይስማማችኋል? ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ 60 ቀኑን በኪሎ 6.66 ዶላር መስጠት እንችላለን፤ ይህም ባንካችሁ በሚከፍተው፣ በ60 ቀን በሚከፈል ኤልሲ ይሆናል።

ቡናውን እስከ ማርች 6 ድረስ፣ በሃምቡርግ አቆጣጠር እስከ 17:00 ሰዓት፣ ለእናንተ ይዘን እንቆያለን።»

ደብዳቤው የተስማሙበትን ደግሞ ስለሚጽፍ ገዢው የቀረው አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ያያል። «የድርጅታችን ደንብ አይፈቅድም» የሚል ሐረግ የለበትም፤ እንዲህ ያለው ሐረግ ገዢው የሚመልሰው ነገር ሳይኖረው በሩን ይዘጋል። ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር «11 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ ሃምቡርግ ላይ ረፋድ ሆኖ ይነበባል። የጊዜ ገደቡም ማስፈራሪያ አይደለም፤ ላኪው ለሌላ ገዢ ሳይሸጥ የሚቆይበትን ቀን ይናገራል። ብዙ ላኪ የሚሳሳተው መልሱ እስኪዘጋጅ በዝምታ በማለፉ ነው። ስሌቱ ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነ «ደርሶናል፣ ሐሙስ እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር መላክ ይበቃል።

ሰነዱ በባንክ ሲቀርብ መክፈል ላኪዎች ካድ የሚሉት ዘዴ ነው። የላኪው ባንክ ሰነዱን ለገዢው ባንክ ይልካል፤ ገዢው ከፍሎ ይወስዳል። ባንኮቹ ግን ሰነድ ያስተላልፋሉ እንጂ ለክፍያው ዋስ አይሆኑም። ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቡናው ሃምቡርግ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ይቀመጣል፤ ላኪውም ሌላ ገዢ ፈልጎ በቅናሽ ይሸጠዋል። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። 20 በመቶ፣ ማለትም 24,960 ዶላር፣ የወደቡን ወጪና የሽያጩን ቅናሽ እንዲሸፍን ታስቦ የተቀመጠ ነው። ገዢው «ለምን 20?» ብሎ ሲጠይቅ በዚህ ስሌት መመለስ ይቻላል።

ኤልሲ ከዚህ ይጠነክራል፤ የገዢው ባንክ ራሱ ለመክፈል ቃል ይገባል። ቃሉ ግን ሰነዱ በኤልሲው ከተጻፈው ጋር ሲገጥም ብቻ የሚጸና ነው። የጆንያ ቁጥር ወይም የመጫኛ ቀን ካልገጠመ ባንኩ አልከፍልም ማለት ይችላል። ስለዚህ ገዢው ኤልሲውን ከመክፈቱ በፊት ረቂቁን እንዲልክ በኢሜይል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገዢው ይህን መልስ ይልካል እንበል፦ ኤልሲ የባንክ ብድር ጣሪያችንን ስለሚይዝ አንችልም፤ ቅድሚያ ክፍያም አንሰጥም፤ በካድ እንስማማ፣ ግን የምንከፍለው መርከቡ ሲደርስ ይሁን። ላይ ላዩን ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ይመስላል። ሲመረመር ግን ትልቁን ነገር ሰጥቷል፤ ሰነዱ እስኪከፈል በባንክ እንዲቆይ ተስማምቷል። አሁን የሚጠይቀው መርከቡ በባሕር ላይ የሚቆይባቸውን ሳምንታት ብቻ ነው። ላኪው ይህን ጊዜ ሰጥቶ፣ በምትኩ ቅድሚያ ክፍያው ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሎ እንዲቀር ቢጠይቅ ሁለቱም የሚፈልጉትን ያገኛሉ። «መርከቡ ሲደርስ» የሚለው ብቻውን ግን ልቅ ነው፤ መርከብ ይዘገያል፣ መንገድም ይቀይራል። ስለዚህ «መርከቡ ሲደርስ፣ ነገር ግን ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ከ45 ቀን ሳያልፍ» ተብሎ ይጻፋል።

ገዢው በመጨረሻ ሰዓት የሚያነሣት አንዲት ትንሽ ልመና ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ትሻለች፦ «ጉምሩክ እንድንጀምር ከሦስቱ ዋና ቢል ኦፍ ሎዲንግ አንዱን በቀጥታ ላኩልን።» ቢል ኦፍ ሎዲንግ ብዙ ጊዜ በሦስት ዋና ቅጂ ይወጣል፤ ዕቃውን ለመረከብ ደግሞ አንዱ ይበቃል። አንዱ በቀጥታ ከሄደ በባንክ ያሉት ሁለቱ ወረቀት ብቻ ይሆናሉ፤ የካድ ድርድሩ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በገዢው ስም በቀጥታ የሚጻፍ ወይም ያለ ዋና ሰነድ ዕቃ የሚያስለቅቅ የጭነት ሰነድም እንዲሁ ነው። ልመናው የግድ ከተንኮል አይመጣም፤ በብዙ ወደቦች የተለመደ ነው። መልሱም በለስላሳ ቃል ሊሰጥ ይችላል፦ «ለጉምሩክ ዝግጅት የሁሉንም ሰነድ ቅጂ ዛሬውኑ በኢሜይል እንልካለን፤ ዋናዎቹ በስምምነታችን መሠረት በባንክ በኩል ይመጣሉ።»

ጥራቱን አስቀድሞ ማየትንም፣ በባንክ ዋስትና የሚሰጥ ጊዜንም የማይቀበል፣ ምክንያቱንም የማይናገር፣ ይልቁንም «ሦስት ኮንቴይነር እንወስዳለን» እያለ መጠኑን የሚያሳድግ ገዢ ሲገጥም ግን ሌላ ሐሳብ መፈልሰፍ አያስፈልግም። ላኪው የመጨረሻ ሐሳቡን ገደቡ እስኪያልቅ ያቆየዋል፤ ካለቀ በኋላም ለሚቀጥለው ምርት ናሙና እንደሚልክ ጽፎ ይለያያል። በዚህ መንገድ ያለቀ ንግግር በሌላ ዓመት ሊቀጠል ይችላል።

ስምምነት ሲደረስ የቀድሞዎቹን ኢሜይሎች ጠቅልሎ የሚተካ አንድ የማረጋገጫ መልእክት ይላካል፤ በውስጡ ዋጋው፣ የቅድሚያው መጠን፣ የሰነዱ መንገድና የ45 ቀኑ ጣሪያ በአንድ ቦታ ይጻፋሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በተፈረመው ውልና በፕሮፎርማው ላይ ብቻ ይሰፍራል። ገዢውም የሒሳብ ለውጥ የሚነግር ማንኛውም ኢሜይል ቢደርሰው፣ ከመክፈሉ በፊት ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ እንዲያረጋግጥ በዚያው መልእክት ይነገረዋል፤ አጭበርባሪዎች የሰው ኢሜይል ሰብረው ገብተው ክፍያ ወደ ራሳቸው ሒሳብ የሚያዞሩት በዚህ ሰዓት ነውና።