ለ60 ካሬ የድርቆሽ መጋዘን ስንት ቆርቆሮ ይበቃል?

በሞያሌ መስመር ከብት የሚያሻግር ነጋዴ ድርቆሽ በርካሽ የሚገዛው ሣር በሚታጨድበት ሰሞን ነው፤ ትርፉን የሚያገኘው ደግሞ ድርቆሹ ሳይረጥብ ከቆየለት ነው። ውኃ የገባበት ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ከብትም አይነካውም። ስለዚህ ብዙዎች በረት አጠገብ አነስተኛ መጋዘን ይሠራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ቆርቆሮ ሲገዛ ነው። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥል በመሆኑ፣ ጣሪያው መሀል ላይ ቆርቆሮ ያለቀበት ሰው እንደገና መኪና ተከራይቶ፣ በዚያን ቀን ባለው ዋጋ ሊገዛ ነው።

ቆርቆሮ የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ በወለሉ ስፋት ስለሚቆጠር ነው። 10 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ወርድ ያለው መጋዘን ወለሉ 60 ካሬ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ሲለካ 2 ሜትር ርዝመትና 83 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ይህ 1.66 ካሬ ይሆናል። 60ን ለ1.66 ያካፈለ ሰው 37 ቆርቆሮ ይበቃኛል ብሎ ይወጣል። ለዚህ መጋዘን በትክክል የሚያስፈልገው ግን 60 ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጣሪያው ተዳፋት መሆኑ፣ ከግድግዳው ውጭ የሚወጣው ክፈፍ፣ እና ቆርቆሮዎቹ መደራረባቸው።

መጀመሪያ የሚለካው ተዳፋቱ ነው። ጣሪያው በሁለት በኩል የሚያፈስ ከሆነ፣ ከግድግዳው እስከ መሀል 3 ሜትር ነው። ጉልላቱ ከግድግዳው ራስ በ1.5 ሜትር ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ 3.35 ሜትር ይሆናል። ይህን በስሌት ማግኘት ያልፈለገ ከጉልላቱ እስከ ግድግዳው ራስ ገመድ ወጥሮ ቢለካ ያው ነው። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ 50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ሲጨመር 3.85 ሜትር ይደርሳል።

ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ ስንት ቆርቆሮ እንደሚሰለፍ ይታያል። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደረብ አለበት። ተዳፋቱ ከዚህ ዘለግ ብሎ የተንጋለለ ከሆነ ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድ፣ ንፋስም ወደ ላይ ስለሚገፋው ድርቡ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እዚህ ሁለት ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ ልክ 3.85 ሜትር ይሸፍናል፤ ምንም አይቆረጥም። ጉልላቱ በ1.5 ፈንታ 2 ሜትር ከፍ ቢል ግን ተዳፋቱ ከነክፈፉ 4.10 ሜትር ያልፋል፤ ሁለት ቆርቆሮ አይደርስም። ያኔ ወይ ክፈፉ በግማሽ ያጥራል፣ ወይ ሦስተኛ ረድፍ ከተጨማሪ መጋጠሚያ ጋር ይመጣል። ስለዚህ የጉልላቱ ከፍታ መወሰን ያለበት እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት፣ የቆርቆሮው ርዝመት ታይቶ ነው።

ሦስተኛው የጎን ድርብ ነው። ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲገጠም አንድ ጉብታ ተኩል ያህል ይደረባል፤ በዚህ ቆርቆሮ ላይ ይህ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 83 ሳንቲ ሜትር የተባለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሸፍነው 72 ብቻ ነው። መጋዘኑ በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ እንዲከደን ከተፈለገ የጣሪያው ርዝመት 10.60 ሜትር ነው። ከዚህ የመጀመሪያውን ድርብ 11 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ለ72 ማካፈል 14.6 ይሰጣል፤ ግማሽ ቆርቆሮ ስለማይሸጥ 15 ይባላል። 15 ወደ ጎን፣ 2 ወደ ላይ፣ በሁለት ተዳፋት፤ 60 ቆርቆሮ። 15ቱ ተገጥመው 10.91 ሜትር ስለሚሸፍኑ ማገሩን በዚያው ልክ ማስረዘም ከመቁረጥ ይሻላል። ለጉልላቱ ደግሞ ባለ 2 ሜትር ኮልሞ 15 ሳንቲ ሜትር እየተደረበ 6 ያስፈልጋል።

ሚስማር የሚቆጠረው በማገር ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ 5 ማገር በ93 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይሰለፋል፤ አንዱ የግድ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ሥር መሆን አለበት። ንፋስ በሚያነሳቸው ሦስት ማገሮች፣ ማለትም በክፈፉ፣ በድርቡና በጉልላቱ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቆርቆሮ 4 ሚስማር፤ በቀሩት ሁለቱ ላይ 3፤ በድምሩ 18። ይህ በ15 ሲባዛ 270፣ ለመጨረሻው ጠርዝ 5 ተጨምሮ 275፣ ለሁለቱም ተዳፋት 550 ነው። የጉልላቱ ሚስማር ኮልሞውንም ስለሚይዝ ለብቻው አይቆጠርም። ለሚጣመመው ተጨምሮ 600 ይያዛል። ሚስማር በኪሎ ስለሚሸጥ አንድ ኪሎ አስመዝኖ መቁጠር ነው፤ 120 ከሆነ 5 ኪሎ ይበቃል።

ሚስማሩ የሚመታው በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ከባርኔጣው ሥር ያለው ጎማ ተጨፍልቆ እስኪወጣ ወይም ጉብታው እስኪጎደጉድ መምታትም ቀዳዳ መክፈት ነው። ስህተቱን ለማወቅ ፀሐይ ሲወጣ መጋዘኑ ውስጥ በር ዘግቶ ቀና ማለት ይበቃል፤ ብርሃን ያለበት ሁሉ ውኃ ይገባበታል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የሚከተሉት ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ዋጋዎች ናቸው፤ ነጋዴው የራሱን ቀን ዋጋ ይተካበት። ቆርቆሮው 1,100 ብር ከሆነ 60ው 66,000 ብር ነው። በመንገድ ለሚጎዳ 2 ሲጨመር 68,200። ኮልሞው በ700 ብር 6ቱ 4,200፣ ሚስማሩ በኪሎ 350 ብር 5 ኪሎ 1,750። ድምሩ 74,150 ብር ይመጣል፤ እንጨት፣ የእጅ ዋጋና የመኪና ኪራይ ሳይጨምር። በወለል ቆጥሮ 37 ቆርቆሮ በ40,700 ብር የገዛው ሰው ከጣሪያው ግማሹን አልፎ ትንሽ ሲሄድ ያልቅበታል።

ሞያሌ ላይ ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ስለሚገዛ የአንዱን ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በ1,000 ብር ቢገኝ ርካሽ ይመስላል። የሚሸፍነው ግን 64 ነው፤ በጎን 17 ይጠይቃል፣ በድምሩ 68፣ ማለትም 68,000 ብር፤ ከሰፊው በ2,000 ይበልጣል። ውፍረቱም ይታይ፤ ጌጁ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35ን ከባለ 28 ጋር በብር ብቻ ማወዳደር ክብደቱ ሳይታይ በሬን ከወይፈን ጋር እንደማወዳደር ነው። ገበያ ሲወጣ ሜትር መያዝ፣ ስፋቱን ለክቶ ድርቡን መቀነስ፣ ዋጋውንም በሚያስፈልገው ብዛት አባዝቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ሻጮች የሚለየው ያ ድምር ነው።