የካፖርቱ ታግ ምን ይላል?

ከሰልባጅ የተገዛ የሱፍ ካፖርት እንውሰድ። ሲገለበጥ ከጎን ስፌቱ ጋር የተሰፋች ትንሽ ነጭ ታግ ይገኝበታል። ጽሑፏ ጀርመንኛ ነው፤ ከሥሩ አምስት ምልክቶች ተደርድረዋል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስተርጎም ቀላል ነው። የወጣውን ትርጉም አምኖ ካፖርቱን ሳፋ ውስጥ መንከር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቁጥሮቹ እንጀምር። ስልኩ «ሱፍ 60 በመቶ፣ ፖሊአሚድ 20 በመቶ» ብሎ አነበበ እንበል። ድምሩ 80 ሆነ፤ የልብሱ አንድ አካል ከምን ከምን እንደተሠራ ሲጻፍ ግን ድምሩ 100 መምጣት አለበት። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ተዛብቷል ማለት ነው። ታጓን ዘርጋ አድርገው፣ ብርሃኑን ከጎን አስመጥተው እንደገና ሲያነሷት 60 የተባለው 80 ሆኖ ይገኛል፤ የጨርቁ እጥፋት ነው ያሳሳተው። ቀጥሎ ያለው መስመር «መኖ፣ 100 በመቶ ፖሊስተር» ተብሎ ቢተረጎም አይደንግጡ። ጀርመኖች የልብስ ገበርንም የከብት መኖንም «ፉተር» ነው የሚሉት። ገበሩ ለብቻው ስለሚቆጠር ከላይኛው ጨርቅ ጋር አይደመርም። ፖሊአሚድ ደግሞ እኛ ናይለን የምንለው ነው።

ምልክቶቹን ግን የትርጉም መተግበሪያው አብዛኛውን ጊዜ ዘሎ ያልፋቸዋል፤ እዚህ ላይ ዓይን ያስፈልጋል። ሳፋው ላይ ኤክስ ተደርጎበታል፦ ውኃ አይንካው፣ በእጅም ቢሆን። በእጅ ማጠብ ቢፈቀድ ኖሮ ሳፋው ውስጥ እጅ ይሳል ነበር። የሱፍ ፀጉር ላዩ ቅርፊት ቅርፊት አለው፤ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጨርቁ ይኮማተራል፣ ያንን ደግሞ ካውያ አይመልሰውም። ኤክስ የተደረገበት ሦስት ማዕዘን በረኪናን ይከለክላል። ተገቢ ነው፤ በረኪና ሱፍን ያሟሟል። ውስጡ ክብ ያለበት አራት ማዕዘንም ኤክስ አለው፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ ማለት ነው። ካውያው አንድ ነጥብ ብቻ ይዟል፤ ዝቅተኛው ሙቀት፣ 110 ዲግሪ አካባቢ።

የመጨረሻው፣ ክብ ውስጥ ያለው P፣ ለላውንድሪ ባለሙያው የተጻፈ ነው። በደረቅ እጥበት የሚጠቀምበትን ማሟሟያ ዓይነት ይነግረዋል። ከክቡ ሥር አንድ መስመር ካለ በለሆሳስ ይታጠብ ማለት ነው። ያቺ ቀጭን መስመር በደበዘዘ ታግ ላይ ከፎቶው ትጠፋለችና ጨርቁን ራሱን ይመልከቱ።

ታጓ አንገትዎን ወይም ጎንዎን አሳከከችኝ ብለው ሊቆርጧት ካሰቡ፣ መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ፊቷንም ጀርባዋንም ፎቶ ያንሱ።