ካሬ በሬክታንግል ቦታ ሲተካ

ካሬ ሬክታንግል ነው? የሂሳብ መምህር ሳያመነቱ «አዎ» ይላሉ። አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ እስከሆኑ ድረስ የጎኖቹ እኩል መሆን ከሬክታንግልነት አያስወጣውም። ይህንኑ መልስ ይዞ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራመር ግን ሊሳሳት ይችላል።

እንደ ጃቫ ባሉ ቋንቋዎች አንድ ክላስ ከሌላው ይወርሳል፤ ወራሹ ሰብክላስ ይባላል። ፕሮግራመሩ በመጀመሪያ Rectangle የተባለ ክላስ ይጽፋል፤ ወርዱና ርዝመቱ ለየብቻ ይቀየራሉ። ቀጥሎ Square ከእሱ እንዲወርስ ያደርጋል። ካሬው ካሬነቱን እንዳያጣም አንዱ ጎን ሲቀየር ሌላው አብሮ እንዲቀየር አድርጎ ይጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ እንከን አይታይም።

ጣጣው የሚመጣው ሬክታንግል ተቀብሎ የሚሠራ ሌላ ኮድ ሲኖር ነው፦

```java
void check(Rectangle r) {
    r.setWidth(5);
    r.setHeight(4);
    System.out.println(r.area());
}
```

ተራ ሬክታንግል ከተሰጠው 20 ያወጣል። ካሬ ሲሰጠው ግን የመጀመሪያው መስመር ሁለቱንም ጎኖች 5 ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሁለቱንም ወደ 4 ይለውጣል፤ ውጤቱም 16 ይሆናል። ኮምፓይለሩ አንዳች ቅሬታ አያሰማም፤ ፕሮግራሙም አይቋረጥም። የተሳሳተው ቁጥር ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ስሌት ያልፋል።

አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 ባደረጉት ንግግር ያነሱት፣ በ1994 ደግሞ ከጃኔት ዊንግ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ያብራሩት መርህ ይህን ይመለከታል። ወላጁ ክላስ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ሰብክላሱ ቢተካ፣ ወላጁን አምኖ የተጻፈው ኮድ የሚጠብቀው ነገር መፍረስ የለበትም። እዚህ ላይ የሬክታንግሉ ተጠቃሚ «ርዝመቱን ስቀይር ወርዱ አይነካም» ብሎ ያምናል፤ ካሬው ይህን እምነት ያፈርሳል። ሬክታንግሉ ሲጻፍ ጎኖቹ አብረው ሊቀየሩ እንደሚችሉ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ጥፋት አይኖርም ነበር።

አንዳንዶች «የመጣው ካሬ ከሆነ ሌላ መንገድ ተጠቀም» የሚል ቅድመ ሁኔታ እየጨመሩ ችግሩን ይሸፍኑታል። እንዲህ ያለው መስመር በየቦታው መብዛቱ ራሱ ውርሱ እንደተበላሸ ያሳያል።

የሚሻለው መፍትሔ ከሁለት አንዱ ነው። ቅርጾቹ አንዴ ከተፈጠሩ በኋላ መጠናቸው እንዳይቀየር ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ የሚፈርስ እምነት ስለሌለ ካሬ ያለ ችግር ሬክታንግል ይሆናል። መጠናቸው መቀየሩ የግድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ለያይቶ፣ ስፋትን ብቻ በሚጠይቅ Shape ሥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

አዲስ ሰብክላስ የሚጽፍ ሰው ለወላጁ ክላስ የተጻፉትን ፈተናዎች አንዱንም ሳይነካ በሰብክላሱ ላይ ያስኬዳቸው። ከላይ ያለው ካሬ 20 በሚጠብቀው ፈተና ገና በመጀመሪያው ሙከራ ይወድቃል።